1.75 ሚሊ ሜትር፦ ቡሎንና ዳዶ የሚግባቡበት ልክ

ቡሎን በዘንጉ ላይ ጠመዝማዛ ጥርስ የተቆረጠበት ብረት ነው፤ ዳዶ ደግሞ የዚያን ጥርስ ተጓዳኝ በቀዳዳው ውስጥ የያዘ። ከጎን ሲታይ ብዙ ጥርሶች የተደረደሩ ቢመስልም በተለመደው ቡሎን ላይ ያለው ጥርስ አንድ ብቻ ነው፤ ከጫፍ ተነስቶ ዘንጉን እየዞረ የሚወጣ አንድ ረጅም ዳገት ነው። ከአንዱ የጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ያለው ርቀት በብረታ ብረት ሙያ ፒች ይባላል። ዳዶው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር በዘንጉ ላይ የሚራመደውም ይህንኑ ያህል ነው።

የሜትሪክ ቡሎን በሁለት ቁጥር ይታወቃል። ኤም 12 ሲባል የዘንጉ የውጭ ዲያሜትር 12 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል፤ ሌላ ቁጥር ካልተጨመረበት ፒቹ 1.75 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በዚሁ ውፍረት 1.5 እና 1.25 ፒች ያላቸው ቡሎኖችም ስላሉ የእነሱ ፒች ከስማቸው ጋር አብሮ ይጻፋል። ልዩነቱ በመኪና ጎማ ቡሎኖች ላይ በደንብ ይታያል። እንደ ኮሮላ ያሉ የቶዮታ የቤት መኪኖች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙት ባለ 1.5 ፒቹን ኤም 12 ሲሆን የኒሳን የቤት መኪኖች ደግሞ ባለ 1.25ቱን ነው። ሁለቱ ዳዶዎች በእጅ መዳፍ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙ ሰው አይለያቸውም። የአንዱን ዳዶ በሌላው ቡሎን ላይ ማስገባት የሞከረ ግን ልዩነቱን ገና ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያውቀዋል።

ከዚህ በታች የሚብራራው አንድ ኤም 12 ቡሎን ከነዳዶው በቶርኖ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሥራው ሲጀመር ሁለት ነገሮችን ለይቶ መያዝ ይጠቅማል። የጥርሱ ጥልቀት በሠራተኛው እጅ ነው፤ ጥርሱ ወፍሮ ከተገኘ ትንሽ ተጨምሮ ይቆረጣል። ፒች ግን ከማሽኑ ጊር የሚወጣ ነው፤ ተሳስቶ ከተቆረጠ ምንም ዓይነት ማረሚያ የለውም። በዎርክሾፕ ውስጥ የሚበላሹ ብዙ ቡሎኖች የሚበላሹት ይህ ልዩነት ስለሚዘነጋ ነው፤ የፒች ስህተት የውፍረት ስህተት ይመስላልና።

የሜትሪክ ጥርስ ከጎን ሲታይ ሦስቱም ማዕዘኖቹ 60 ዲግሪ የሆኑ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጫፉና ስሩ ግን ሹል ሳይሆኑ ትንሽ ተቆርጠው ይቀራሉ። ማዕዘኑ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ባቀረበው ሥርዓት 55 ዲግሪ ነበር። አሜሪካዊው ዊሊያም ሴለርስ በ1864 60 ዲግሪውን አቀረበ፤ እሱን ለመቁረጥም ለመለካትም ይቀላል የሚል ነበር መከራከሪያው። የዛሬው ዓለም አቀፍ የሜትሪክ ጥርስም የያዘው 60 ዲግሪውን ነው። እንደ አሮጌው ላንድሮቨር ባሉ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ የሚገኙት በኢንች የተለኩ ቡሎኖች ከሜትሪክ ዳዶ ጋር የማይስማሙት የዚያ የተለያየ ታሪክ ቅሪት ስለሆኑ ነው።

ቡሎኑን ከዳዶው ጋር የሚያገናኘው የጥርሱ ጫፍ ሳይሆን ጎኑ፣ ማለትም ተዳፋት ግድግዳው ነው። ስለዚህ ከውጭው ዲያሜትር ይልቅ ወሳኙ መሃለኛው ዲያሜትር ነው። ይህ የጥርሱ ውፍረትና በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ ስፋት እኩል የሚሆኑበት ዲያሜትር ሲሆን ለኤም 12 መነሻ ልኩ 10.863 ሚሊ ሜትር ነው። ለተለመደ ሥራ በሚያገለግለው መመዘኛ መሠረት የቡሎኑ መሃለኛ ዲያሜትር ከ10.679 እስከ 10.829 ባለው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። የዳዶው ደግሞ ከ10.863 እስከ 11.063 ነው። የወፍራሙ ቡሎንና የጠባቡ ዳዶ ልኮች እንኳ በ0.034 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ሁለቱ ክልሎች እንዳይነካኩ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ አንዱ ፋብሪካ የሠራው ቡሎን ሌላ አገር በተሠራ ዳዶ ውስጥ በእጅ ተሽከርክሮ የሚገባው በዚህች ክፍተት ምክንያት ነው።

ፒች ሲሳሳት የሚበላውም ይህችኑ ክፍተት ነው። የኤም 12 ዳዶ ቁመት 10.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ስድስት ያህል የቡሎን ጥርሶችን ያቅፋል። የቡሎኑ ፒች 1.75 መሆኑ ቀርቶ 1.8 ሆኗል እንበል። ስህተቱ በአንድ ጥርስ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓይን አይታይም፤ በካሊፐር አንድ ጥርስ ብቻ የለካ ሰውም ላይነቃበት ይችላል። ሆኖም ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል። ሁለተኛው ጥርስ ከቦታው 0.10 ይርቃል፣ ሦስተኛው 0.15፣ ስድስተኛው ላይ ሲደረስ 0.30 ይሆናል። ግድግዳው ተዳፋት ስለሆነ በርዝመት የተፈጠረው መዛነፍ በዲያሜትር ሲተረጎም በ1.73 ይባዛል። 0.30 የነበረው ስህተት ቡሎኑ በ0.52 ሚሊ ሜትር የወፈረ ያህል ያደርገዋል፤ መመዘኛው የሚፈቅደው ትልቁ ክፍተት ግን 0.384 ብቻ ነው። ልካቸው መካከለኛ በሆነ ቡሎንና ዳዶ ላይ ቢሞከር ዳዶው ሁለት ዙር ያህል በቀላሉ ይሄድና ከዚያ ይይዛል።

ልምድ የሌለው ሠራተኛ በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ‹‹ቡሎኑ ወፍሯል›› የሚል ነው። ወደ ቶርኖው ይመልሰውና ጥቂት ይቀንሰዋል፤ ዳዶው አንድ ዙር ይጨምራል። ደግሞ ይቀንሰዋል፤ በመጨረሻም ዳዶው እስከ ታች ይወርዳል። ሥራው የተሳካ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭነቱን የሚሸከሙት በዳዶው አንድ ጫፍ ያሉት አንድ ወይም ሁለት ጥርሶች ብቻ ይሆናሉ። የቀሩት አየር ላይ ናቸው። በቁልፍ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚነኩት ጥርሶች ይላጣሉ፣ ከዚያ ተራው የቀጣዮቹ ይሆናል። ትክክለኛው ምርመራ ሌላ ነው። ዳዶው ገና ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እኩል የሚከብድ ከሆነ ችግሩ ውፍረት ነው፤ በቀላሉ ገብቶ በየዙሩ እየባሰበት ከሄደ ችግሩ ፒች ነው።

በቶርኖ ላይ ጥርስ የሚወጣው የሁለት እንቅስቃሴዎች መጣመር ነው። ሥራው በስፒንድል ላይ ይዞራል፤ መቁረጫው ደግሞ በሥራው ርዝመት ይጓዛል። መቁረጫውን የሚጎትተው መሪ ስክሩ የተባለው ረጅም ባለጥርስ ዘንግ ሲሆን ከስፒንድሉ ጋር በጊሮች ይያያዛል። ሄንሪ ሞድስሊ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለንደን ውስጥ የሠራው ቶርኖ ታዋቂ የሆነው መሪ ስክሩን፣ ተንሸራታች መቁረጫ መያዣንና ተለዋዋጭ ጊሮችን አጣምሮ በመጠቀሙ ነው። ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተቀየረም።

መሪ ስክሩው 6 ሚሊ ሜትር ፒች ያለው ቢሆን ስሌቱ ቀላል ነው። ስፒንድሉ አንድ ዙር ሲዞር መቁረጫው 1.75 እንዲጓዝ መሪ ስክሩው ከአንድ ዙር 1.75 በ6 እጅ ብቻ መዞር አለበት፤ ይህም 35 በ120 ማለት ነው። በስፒንድሉ በኩል ባለ 35 ጥርስ ጊር፣ በመሪ ስክሩው በኩል ባለ 120 ይታሰራል፤ በመካከል የሚገባው ጊር ሁለቱን ከማገናኘት በቀር ልኩን አይለውጥም። የ120ው ጊር ሳይነካ በ35ቱ ቦታ 40 ቢገባ ፒቹ 2 ይሆናል፤ እሱም የኤም 16 ፒች ነው። 30 ቢገባ 1.5 ይወጣል፣ የኤም 10። 25 ለኤም 8 ይሆናል። ከላይ በምሳሌ የተነሳው የ1.8 ስህተት ደግሞ የሚመጣው በ35 ቦታ 36 ሲታሰር ነው። ከጊር መደርደሪያ ላይ ሲነሱ ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ።

መሪ ስክሩው በኢንች የተሠራ ከሆነ ነገሩ ለየት ይላል። በአንድ ኢንች ውስጥ 4 ጥርስ ያለው መሪ ስክሩ ፒቹ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። 1.75ን ለ6.35 ማካፈል 35 በ127 ይሰጣል፤ 127 ደግሞ ለሌላ ቁጥር የማይካፈል በመሆኑ በትንንሽ ጊሮች ተከፋፍሎ አይገኝም። አንድ ኢንች ልክ 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነና አምስት ኢንች 127 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ነው ይህ እንግዳ ቁጥር የሚመጣው። በዚህ ምክንያት ከአሮጌ የኢንች ቶርኖ ጋር አንድ ትልቅ ባለ 127 ጥርስ ጊር አብሮ ይገኛል፤ የጠፋበት ዎርክሾፕ የሜትሪክ ጥርስን የሚቆርጠው በተጠጋጋ ልክ ብቻ ነው። በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ይህ ሁሉ በሣጥን ውስጥ ተደብቆ በዘንግ የሚቀየር ሆኗል። ይህ ስሌቱን ያቀለዋል እንጂ ዘንጉን በተሳሳተ ቦታ ከማስገባት አያድንም።

ጥርሱ ከመቆረጡ በፊት ዘንጉ ይዘጋጃል። የብረቱ ውጫዊ ዲያሜትር 12 ሙሉ ሳይሆን 11.85 አካባቢ ሆኖ ይቶረናል፤ የተፈቀደው ክልል ከ11.701 እስከ 11.966 ነው። ሲቆረጥ ብረቱ በጥርሱ ጫፍ ላይ ትንሽ ስለሚገፋ ሙሉ 12 ሆኖ የጀመረ ዘንግ ሲያልቅ ከ12 ሊበልጥ ይችላል። የዘንጉ ጫፍ በ45 ዲግሪ ይሾላል፤ ሹለቱ ከጥርሱ ስር ዝቅ እስከሚል ድረስ ቢወርድ ዳዶው ያለ ትግል ይጀምራል። ጥርሱ በሚያበቃበት ቦታ ደግሞ መቁረጫው የሚወጣበት ጠባብ ቦይ ይቆረጣል። ቦዩ ከጥርሱ ስር ጥቂት ዝቅ ማለት ብቻ ይበቃዋል፤ ጠልቆ ከተቆረጠ ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚበጠስበት ቦታ ራሱ ቦዩ ይሆናል።

መቁረጫው ጫፉ በትክክል 60 ዲግሪ ሆኖ ይሳላል፤ ከፍታው ከሥራው መሃል ጋር ይስተካከላል። ከሥራው ጋር ፍጹም ቀጥ ብሎ መቆሙም ባለ 60 ዲግሪ ቅርጽ ባላት ትንሽ የብረት መለኪያ ይረጋገጣል። መቁረጫው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጥርሱም ያዘነብላል። በፒች መለኪያ ሲታይ ርቀቱ ልክ ይሆናል፤ ዳዶው ግን በአንደኛው ግድግዳ ብቻ ይነካል።

ከዚያ የሚከተለው ሥራ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ብዙ ብረት የሚያድነውም እሱ ነው። ሠራተኛው መቁረጫውን ብረቱን በጥቂቱ ብቻ እስኪጭር ድረስ፣ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ያስጠጋና አንድ ጊዜ ያስኬደዋል። በዘንጉ ላይ ቀጭን ጠመዝማዛ ጭረት ይቀራል። ማሽኑ ይቆምና ጭረቱ ይለካል። አንድ ርቀት ብቻ መለካት እንደማያዋጣ ከላይ ታይቷል፤ ስምንት ርቀቶች አንድ ላይ ይለካሉ፤ 1.75 በ8 ሲባዛ ልክ 14 ሚሊ ሜትር ነው። በተራ የብረት ማስመሪያ ቢለካ እንኳ ፒቹ 1.8 ከሆነ ስምንቱ 14.4 ላይ ይወድቃሉ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ደግሞ ከማንም ዓይን አያመልጥም። የፒች መለኪያ ስለት ካለ እሱም በጭረቱ ላይ ይደገፋል። ጭረቱ ስህተት ሆኖ ከተገኘ ጊሩ ይስተካከላል፤ ከዘንጉ የጠፋ ብረት የለም ማለት ይቻላል።

ጥልቀቱ የሚደረሰው በብዙ ዙር ነው። የጥርሱ ሙሉ ጥልቀት የፒቹ 0.613 እጅ ነው፤ ለ1.75 ይህ 1.07 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው ቆረጣ 0.25 ወይም 0.3 ሊወስድ ይችላል፤ እየጠለቀ ሲሄድ መቁረጫው የሚነካው ግድግዳ እየሰፋ ስለሚመጣ የሚቀጥሉት ወደ 0.15፣ ወደ 0.1፣ በመጨረሻም ወደ 0.03 ይወርዳሉ። ብዙዎች መቁረጫውን ቀጥታ ከማስገባት ይልቅ የላይኛውን መንሸራተቻ ወደ 29.5 ዲግሪ አዙረው በአንዱ ግድግዳ በኩል ያስገቡታል። ፍቅፋቂው ከሁለት ጎን ተጋጭቶ እንዳይታነቅ ያደርጋል፤ ለብረት ሥራ ይህ ዘዴ የተሻለ ነው። በዚህ መንገድ ሲገባ የመንሸራተቻው ቁጥር 1.23 ሲደርስ ነው ጥልቀቱ 1.07 የሚሆነው። ፍጥነትን በተመለከተ ለጀማሪ በደቂቃ 80 ዙር ይበቃል፤ በዚህ ፍጥነት መቁረጫው በሰከንድ ከሁለት ሚሊ ሜትር በጥቂት ስለሚበልጥ ቦዩ ጋ ሲደርስ ለማቆም ጊዜ ይሰጣል። ዘይት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆረጣ መንጠባጠብ አለበት፤ ደርቆ የተቆረጠ ለስላሳ ብረት ግድግዳው ይቦጫጨቃል።

በየቆረጣው መካከል መቁረጫው ከብረቱ ይርቅና ወደ መነሻው ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መቁረጫውን ከመሪ ስክሩው ጋር የሚያይዘው በሁለት የተከፈለ ዳዶ ሲሆን በዘንግ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ተከፍቶ በእጅ ቢመለስ ፈጣን ነው። ነገር ግን 1.75 ለ6 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል ዳዶው በዘፈቀደ ሲዘጋ መቁረጫው በቀድሞው ቦይ ሳይሆን በጥርሱ መሃል ሊወድቅ ይችላል። ሁለቱ ልኮች አንድ ላይ የሚገናኙት በየ42 ሚሊ ሜትሩ፣ ማለትም መሪ ስክሩው 7 ዙር ስፒንድሉ ደግሞ 24 ዙር ሲዞሩ ብቻ ነው። አስተማማኙ መንገድ የተከፈለውን ዳዶ እስከ ሥራው መጨረሻ ሳይከፍቱ፣ መቁረጫውን አርቆ ማሽኑን ወደ ኋላ በማሽከርከር መመለስ ነው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ የተቆረጠ ጥርስ አያበላሽም። መቁረጫውን ሳያርቁ ወደ ኋላ ማዞር ግን አይቻልም፤ በጊሮቹና በስክሩው መካከል ያለው ልቅነት መቁረጫውን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል።

ጥልቀቱ 1.07 ደረሰ ማለት ጥርሱ አለቀ ማለት አይደለም። መቁረጫው በጣም ሹል ከሆነ ግድግዳዎቹ ልካቸው ላይ የሚደርሱት ከዚያ በላይ ጠልቆ ነው፤ ጫፉ የዶለዶመ ከሆነም እንዲሁ ቁጥሩ ይዛባል። መፍረድ ያለበት መለኪያ ነው። ሙያው የሚጠቀምበት ብልሃት ሦስት እኩል ቀጫጭን ሽቦዎችን በጥርሱ ቦይ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ወገን፣ አንዱ በተቃራኒው። ከሽቦዎቹ በላይ በማይክሮሜትር ይለካል። ለ1.75 ፒች የሚስማማው የሽቦ ውፍረት 1.01 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ውፍረት ሽቦው ግድግዳዎቹን የሚነካው ልክ መሃለኛው ዲያሜትር ላይ ነው። ስሌቱ እንዲህ ይጻፋል፦

```
M = d2 + 3W − 0.866P
M = 10.75 + 3 × 1.01 − 0.866 × 1.75 = 12.26
```

10.75 ከተፈቀደው ክልል መካከል የተወሰደ ነው። ማይክሮሜትሩ ከ12.19 እስከ 12.34 ባለው ውስጥ ካነበበ ቡሎኑ ልክ ነው። 12.40 ቢያነብ ገና 0.06 ይወፍራል፤ 12.10 ካነበበ ቀጥኗል፣ ዳዶው ይንገዋለልበታል። ሽቦ በሌለበት ቦታ የታወቀ የፋብሪካ ዳዶ እንደ መለኪያ ያገለግላል። ቡሎኑ ከቶርኖው ሳይፈታ ይሞከርበታል፤ አንዴ ተፈትቶ ከተመለሰ በኋላ መቁረጫውን ከድሮው ቦይ ጋር ማገናኘት አስቸጋሪ ነውና።

ዳዶውን መሥራት ይቀላል፤ ፒቹን የሚሸከመው ራሱ ታፑ ስለሆነ። 18 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ባለስድስት ጎን ብረት ከ11 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆረጥና ሁለቱ ፊቶቹ ይስተካከላሉ። ቀዳዳው በ10.2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይበሳል። ለዚህ የሚያገለግለው የእጅ ስሌት ዲያሜትር ሲቀነስ ፒች ነው፤ 12 ሲቀነስ 1.75 ወደ 10.25 ይሰጣል፣ በገበያ ያለው መሰርሰሪያ ደግሞ 10.2 ነው። የተፈቀደው ቀዳዳ ከ10.106 እስከ 10.441 ነው። በ10 የተበሳ ቀዳዳ ለታፑ በጣም ብዙ ብረት ይተውለታል፤ ታፑ ይከብዳል፣ ይታነቃል፣ ብዙ ጊዜም ተሰብሮ እዚያው ይቀራል። ወደ 11 የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ታፑን ያቀልለታል፤ ነገር ግን የጥርሱ ቁመት በግማሽ ያህል ያጥራል። ለታፑ አዝኖ ቀዳዳ ማስፋት በጥገና ቤቶች የተለመደ ጥፋት ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው በኋላ፣ ዳዶው ሲላጥ ነው።

የቀዳዳው ሁለቱም አፍ ከ12 ሚሊ ሜትር ትንሽ እስኪበልጥ ይከፈታል። ታፑ ከቀዳዳው ጋር ቀጥ እንዲል በቶርኖው የኋላ መደገፊያ ቢደገፍ ይመረጣል፤ በሞርሳ ላይ በእጅ ሲሠራ ደግሞ ሁለት ዙር እንደገባ ከሁለት አቅጣጫ በጎንዮ ይታያል። ያዘነበለ ታፕ ቀዳዳውን በአንድ ወገን አስፍቶ በሌላው ጥልቅ ጥርስ ያወጣል። እንዲህ ያለው ዳዶ በቡሎኑ ላይ ይገባ ይሆናል፤ ፊቱ ግን ከሚጠብቀው ብረት ጋር በአንድ ጎን ብቻ ይገናኛል። ዘይት ተቀብቶ ግማሽ ወይም አንድ ዙር ወደፊት፣ ከዚያ ፍቅፋቂው እስኪሰበር ድረስ ጥቂት ወደ ኋላ እየተባለ ይሄዳል። ቀዳዳው ወዲያ ማዶ የሚወጣ ስለሆነ የሦስቱ የታፕ ስብስብ ውፍረት እኩል ከሆነ የመጀመሪያው ብቻ ሙሉ በሙሉ ቢያልፍ ይበቃል።

ቡሎኑንም በዳይ መቁረጥ ይቻላል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቡሎን ብዙዎች የሚመርጡት እሱን ነው። ፒቹ በዳዩ ስለሚወሰን የጊር ስህተት አይኖርም። የዳይ ድክመት ቀጥተኛነት ነው። ሲጀምር አንድ ዲግሪ እንኳ ካዘነበለ ዘንጉ ላይ የሰከረ ጥርስ ይወጣል፤ ዳዶው ሲዞር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ጥሩ ሠራተኞች ከፊሉን በቶርኖ ቆርጠው የመጨረሻውን ልክ በዳይ ያወጣሉ፤ ቀጥተኛነቱም ልኩም ከሁለቱ ይገኛል።

ፋብሪካዎች የቡሎን ጥርስን በአብዛኛው አይቆርጡም፤ በጠንካራ ቅርጽ መካከል እያንከባለሉ ያትሙታል። የሚታተመው ዘንግ ውፍረቱ ከመሃለኛው ዲያሜትር ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ከስሩ የተገፋው ብረት ወደ ላይ ወጥቶ ጫፉን ይሠራል። ብረቱ ስለሚታመቅ እንጂ ስለማይቆረጥ የጥርሱ ስር በተደጋጋሚ ጭነት ቶሎ አይሰነጠቅም። ሌላው ልዩነት የብረቱ ዓይነት ነው። ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ኤም 12 ቡሎን ሳይለጠጥ ወደ 49 ሺህ ኒውተን፣ አምስት ቶን ገደማ ይሸከማል። ከተራ ለስላሳ ብረት በቶርኖ የተሠራው፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከዚያ ግማሹን እንኳ አይችልም። ለበር፣ ለማሽን መከለያ፣ ለእርሻ መሣሪያ ማያያዣ በቂ ነው። ለጎማ፣ ለፍሬንና ለመሪ ግን በዎርክሾፕ የተቆረጠ ቡሎን መግጠም የለበትም።

ጥንዱ ካለቀ በኋላ ከዝገት ለመከላከል ዚንክ የሚቀባ ከሆነ ልኩ እንደገና ይታሰባል። በተዳፋት ግድግዳ ላይ የተቀባ ሽፋን መሃለኛውን ዲያሜትር የሚጨምረው በራሱ ውፍረት አራት እጥፍ ነው። በኤሌክትሪክ የሚቀባ 8 ማይክሮን ዚንክ ቡሎኑን በ0.032 ሚሊ ሜትር ያወፍረዋል፤ መመዘኛው የተወው 0.034 ይህን ለጥቂት ያስተናግዳል። በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የሚነከር ቡሎን ግን ሽፋኑ 50 ማይክሮን ሊደርስ ስለሚችል 0.2 ሚሊ ሜትር ይጨምርበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቡሎን ዳዶው በተለየ ሰፊ ታፕ ይቆረጣል፤ የቡሎኑ ጥርስ እንደነበረ ይቀራል። እነዚህ ሰፋፊ ዳዶዎች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሣጥን ከተቀላቀሉ ባልተነከረ ቡሎን ላይ እየተንገዋለሉ ይገባሉ፤ ጥርሳቸው የሚይዘው ጥቂት ስለሆነም በሙሉ ኃይል ሲጠብቁ ሊላጡ ይችላሉ።